ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል፤ ዳሌ ምን አገናኘው?

ጥያቄ፦ «29 ዓመቴ ነው። መሮጥ ከጀመርኩ አምስት ወር ሆኖኛል። ከስድስት ሳምንት ወዲህ ደረጃ ስወጣ ቀኝ ጉልበቴን ፊት ለፊቱን ያመኛል፤ ብዙ ተቀምጬ ስነሳም እንደዚያው። አልወደቅኩም፣ አላበጠም። ሁለት ሳምንት ሩጫ አቆምኩ፣ ቀለል አለኝ፣ ስመለስ ያው ሆነ። ጓደኛዬ ዳሌህን አጠንክር ብሎኝ በጎኔ ተኝቼ እግሬን ማንሳት ጀምሬያለሁ፤ ለውጥ ግን የለም። የሚያመኝ ጉልበቴ፣ ዳሌ ምን አገናኘው?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ጓደኛህ የሰጠህ ምክር ትክክል ነው። ግን ግማሹን ነው የነገረህ። በጎን ተኝቶ እግር ማንሳት መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው አይደለም። እሱንም ቢሆን አብዛኛው ሰው ሳያውቀው በሌላ ጡንቻ ነው የሚሠራው። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጉልበት ብዙ ስለማይ ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳህ።

መጀመሪያ የትኛው ህመም እንደሆነ እንለይ። ታካሚ ሲመጣ «የሚያምህን ቦታ በእጅህ አሳየኝ» እላለሁ። ያንተ ዓይነት ህመም ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ በአንድ ጣት አያሳየኝም። መዳፉን ዘርግቶ የጉልበቱን ሎሚ ሸፈን ያደርገውና «እዚህ አካባቢ፣ ከውስጥ» ይለኛል። ይህ በሎሚውና በጭን አጥንቱ መካከል ካለው መገጣጠሚያ የሚመጣ ህመም ነው። የሯጭ ጉልበት የሚሉት እሱን ነው፤ ሮጦ የማያውቅ ሰውም ግን ይይዘዋል። ጣቱን ከሎሚው ሥር ጅማቱ ላይ ቀስሮ «እዚህች ጋ» የሚለኝ፣ ሲዘልም የሚብስበት ሰው፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ጅማቱ ላይ ነው። ህመሙ ከጉልበቱ ውጭ ጎን ላይ ከሆነም ጉዳዩ ሌላ ነው።

አሁኑኑ ሞክረው። ቀስ እያልክ ቁጢጥ በል። ሎሚው ዙሪያ ወይም ከሎሚው ጀርባ ካመመህ፣ ደረጃውና ብዙ መቀመጡ ሲታከልበት፣ በአብዛኛው ይሄው ነው። ኤምአርአይ መነሳት አያስፈልግህም። ይህ ህመም ያለባቸው ሰዎች ልም አጥንት፣ ማለትም መገጣጠሚያው ላይ አጥንቱን የሚሸፍነው ለስላሳ ክፍል፣ በምስል ሲታይ ከሌላቸው ሰዎች ያን ያህል የተለየ ሆኖ አይገኝም። ስለዚህ «ጉልበቴ ተበልቶ አልቋል» የሚለውን ሐሳብ ከአእምሮህ አውጣው። በዚህ ፍርሃት ብቻ እግራቸውን ወር ሙሉ ሲያሳርፉ ቆይተው፣ ጡንቻቸው ሳስቶ የሚመጡ ሰዎችን አይቻለሁ። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ህመሙ የሚብስባቸው እንዲያ ሲያደርጉ ነው።

ወደ ዳሌው ልምጣ። ሎሚው የሚንሸራተተው የጭን አጥንቱ ጫፍ ላይ ባለ ቦይ ውስጥ ነው። ደረጃ ስትወጣ የፊት ጭንህ ጡንቻ ይህን ሎሚ አጥንቱ ላይ አጥብቆ ይጭነዋል። ጭነቱም የሰውነትህን ክብደት ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሜዳ ላይ ስትራመድ ግን ከክብደትህ በታች ነው። ሜዳ ላይ ደህና ሆነህ ደረጃ ላይ የሚያምህ ለዚህ ነው።

አሁን የጭን አጥንቱን ላይኛውን ጫፍ አስብ። እሱ ያለው ዳሌህ ውስጥ ነው። በአንድ እግርህ ስትቆም አጥንቱ ወደ ውስጥ እንዳይዞርና ወደ ውስጥ እንዳያዘነብል የሚይዙት የመቀመጫህና የዳሌህ ጎን ጡንቻዎች ናቸው። እነሱ ሲለግሙ አጥንቱ ከሎሚው ሥር ወደ ውስጥ ይዞራል። ድሮ ሎሚው ነው መስመሩን የሚስተው ይባል ነበር፤ ሰው ቆሞ ጉልበቱን ሲያጥፍ በምስል ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ ሎሚው ባለበት ሆኖ ቦዩ ነው ከሥሩ የሚሸሸው። ያኔ ያው ሸክም በጠባብ ቦታ ላይ ያርፋል። አንድን ሸክም በሰፊ ጨርቅ ስትሸከመውና በቀጭን ገመድ ስትሸከመው ትከሻህ የሚሰማውን ልዩነት ታውቀዋለህ። ሸክሙ አልጨመረም፣ ያረፈበት ቦታ ነው የጠበበው።

እዚህ ላይ ግን ከብዙ ባልደረቦቼ ትንሽ እለያለሁ። «ዳሌህ ስለደከመ ነው ጉልበትህን ያመመህ» ብሎ መደምደም ትክክል አይመስለኝም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ዳሌ ሲለካ ደከም ብሎ ይገኛል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ህመም ሳይኖርባቸው የተለኩና ከዚያ ክትትል የተደረገላቸው ሰዎች ላይ፣ ዳሌው ደካማ የነበረው ነው በኋላ የታመመው ለማለት አልተቻለም። ስለዚህ ድካሙ ከህመሙ በኋላ የመጣም ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ዳሌን ማጠንከር ይሠራል። ዳሌና ጉልበት አንድ ላይ ሲሠሩ፣ ጉልበት ብቻውን ከሚሠራ ይልቅ ህመሙ ይሻላል። ከዳሌ የምንጀምርበት ምክንያትም ቀላል ነው፤ ጉልበቱ ገና ቁጡ በሆነበት ሰዓት፣ እሱን ሳትነካ እግርህን በደንብ ማሠራት የምትችለው በዳሌው በኩል ነው።

ልምምዱን ከማስተካከልህ በፊት አንድ ነገር ተመልከት። ተራ የደረጃ እርከን ላይ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ይበቃል፣ በቀኝ እግርህ ቁም። ስልክህን ፊት ለፊትህ በወገብህ ቁመት አስቀምጥና ቪዲዮ አብራ። የግራ ተረከዝህን ቀስ ብለህ ወደ መሬት አውርድ፣ ነካ አድርገህ ተመለስ። አምስት ጊዜ አድርገው፤ ከዚያ በግራ እግርህ ድገመው። ቪዲዮውን ስታይ ሁለት ነገር ፈልግ። አንደኛው፣ ጉልበትህ ከአውራ ጣትህ መስመር አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል ወይ? ሁለተኛው፣ የሱሪህ ቀበቶ በሌላኛው በኩል ዝቅ ይላል ወይ? የቀኙና የግራው ልዩነት ዓይንህ ላይ ጎልቶ ከታየ የምትሠራው ሥራ ምን እንደሆነ አየኸው ማለት ነው። ምንም ልዩነት ባታይም ልምምዱን አትተው፤ ምክንያቱን በኋላ እነግርሃለሁ።

አሁን ያ የተኛህበት ልምምድ። ብዙ ሰው በጎኑ ይተኛና እግሩን ሽቅብ ያነሳል። እግሩ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይመጣል፣ ጣቶቹ ወደ ኮርኒሱ ይዞራሉ፣ ወገቡም ወደ ኋላ ይንከባለላል። እንዲህ ሲሆን የሚሠራው ከዳሌው ፊት ያለው ጡንቻ ነው፤ እኛ የፈለግነው ደግሞ ከኋላ ያለውን ነው። ስለዚህ ግድግዳ ፈልግ። በግራ ጎንህ ተኛ፤ ጀርባህ፣ መቀመጫህና የላይኛው እግርህ ተረከዝ ግድግዳውን ይንኩ። የታችኛውን እግርህን አጠፍ አድርገው። ከዚያ ተረከዝህ ግድግዳውን እያሻሸ እግርህን አንሳ። ጣቶችህ ወደ ፊት ይዩ፣ እንዲያውም ትንሽ ወደ መሬት ዘንበል ቢሉ ይሻላል። ከፍታው አንድ ክንድ ያህል ቢሆን ይበቃል። ስታወርደው በውስጥህ እስከ ሦስት ቁጠር።

ትክክል መሆኑን የምታውቀው በሚቃጠለው ቦታ ነው። እጅህን ሱሪህ የጎን ኪስ ላይ አድርግ። ከኪሱ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ወደ መቀመጫህ በኩል ከተቃጠለ ሠርተኸዋል። ከኪሱ ፊት ከሆነ እግርህ ወደ ፊት መጥቷል ማለት ነው፣ ተረከዝህን መልሰህ ግድግዳው ላይ ለጥፈው። ብዙ ታካሚዎቼ ይህን ብቻ ሲያስተካክሉ፣ ሃያ ጊዜ ያለ ችግር ያነሱ የነበሩት ስምንተኛው ላይ እግራቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ሌላው ስህተት ብዛቱ ነው። በቀን መቶ ጊዜ የሚያነሱ ሰዎች አሉ፤ መቶ ጊዜ የምታነሳው ነገር ቀልሎሃል ማለት ነው፣ የቀለለ ነገር ደግሞ ጡንቻን አያጠነክርም። ከ10 እስከ 12 ጊዜ አንስተህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የምር ሊከብዱህ ይገባል። ሦስት ዙር፣ በየሁለት ቀኑ። ሲቀልህ ቁርጭምጭሚትህ ላይ ክብደት እሰር ወይም የስፖርት ላስቲክ ተጠቀም። ከእሱ ጋር በጀርባህ ተኝተህ፣ ጉልበትህን አጥፈህ መቀመጫህን ወደ ላይ ማንሳቱን ጨምር። መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ሲቀልህ በአንድ እግር። እግርህን ወደ መቀመጫህ በጣም አታቅርበው፤ ጉልበትህ በጣም ሲታጠፍ ሎሚው ላይ ጭነቱ ይበዛል።

ይህ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አብዛኛው ሰው የሚቆመው። ህመሙ ሲቀንስ «ዳንኩ» ብሎ መሬት ላይ የተኛበትን ልምምድ ለወራት ይደጋግማል። ደረጃ ግን ተኝተህ አይወጣም። ሰውነትህን በአንድ እግር ተሸክመህ፣ ጉልበትህን አጥፈህ ነው የምትወጣው። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት ቁም። ላስቲኩን ከቁርጭምጭሚትህ በላይ አስረህ፣ ጉልበትህን ትንሽ አጠፍ አድርገህ ወደ ጎን ተራመድ። ቀጥሎ ዝቅተኛ እርከን ላይ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በቀኝ እግርህ ውጣ። ከመሬት በቀረው እግርህ ራስህን ወደ ላይ አትግፋ፤ ሁሉም ይህን ያጭበረብራል፣ የግራ ጣቶችህን ከመሬት ቀድመህ ብታነሳቸው ማጭበርበሩ ይቀራል። ቀስ በቀስ ወደ 15፣ ከዚያ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው። መጨረሻ ላይ ቪዲዮ የቀረጽክበትን ራሱን፣ ቀስ ብሎ መውረዱን፣ ልምምድ ታደርገዋለህ። ያን ጊዜ የፊት ጭንህም አብሮ እየሠራ ነው። እሱንም መተው አይቻልም፤ ዳሌ ብቻ ሠርቶ የፊት ጭኑን የረሳ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ነው የቀረው።

«እያመመኝ ልሥራ?» ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ በልክ። ምንም የማያምህ ዜሮ፣ ልትችለው የማትችለው አሥር ይሁን። እስከ ሁለት ከሆነ ቀጥል። ልምምዱን ወይም ሩጫውን ከጨረስክ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ህመሙ ወደነበረበት መመለስ አለበት። ማግስቱን ጠዋት የመጀመሪያውን ደረጃ ስትወጣ ከትናንቱ ካልባሰ መጠኑ ትክክል ነበር። ከባሰ ግማሹን ቀንስ እንጂ አታቁም።

እስከዚያ ድረስ ግን ደረጃ መውጣትህ አይቀርም፤ ዛሬውኑ የሚያቀልልህ ነገር ልንገርህ። ብዙ ሰው ጉልበቱን ሲያመው ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ፣ በእግሩ ጣት ጫፍ እየረገጠ ይወጣል። ይህ ሸክሙን ይበልጥ የፊት ጭን ላይ ይጥለዋል። አንተ ሙሉ እግርህን እርከኑ ላይ አሳርፍ፣ ከዳሌህ ጀምሮ ደረትህን ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል አድርግ፣ ከዚያ በተረከዝህ እርከኑን ወደ ታች ግፋው። ሥራው ወደ መቀመጫህ ጡንቻ ይሄዳል፣ ሎሚው ላይ ያለውም ጭነት ይቀንሳል። ሁለቱንም ዓይነት እያፈራረቅክ ሞክርና ልዩነቱን ራስህ ስማው።

ሁለት ሳምንት አርፈህ ስትመለስ ለምን ያው እንደሆነ አሁን ግልጽ ይመስለኛል። ዕረፍቱ ህመሙን አስታገሰው፤ ጉልበትህ መሸከም የሚችለውን መጠን ግን አልጨመረም፣ ምናልባት ትንሽ ቀንሶታል። አንተ ደግሞ የተመለስከው ወደዚያው ሩጫ ይመስለኛል።

አንዲት ታካሚዬን ላንሳልህ። 31 ዓመቷ ነበር። በሳምንት 12 ኪሎ ሜትር ትሮጥ የነበረችው በአንድ ወር ውስጥ 26 አደረሰችው፣ ዳገትም ጨመረች። ግራ ጉልበቷን ልክ እንዳንተ ያማት ጀመር። ደረጃ ላይ ህመሙ አምስት ነበር። ስትወርድ ስንቀርጻት ጉልበቷ በግልጽ ወደ ውስጥ ይገባል። ሩጫውን አላስቆምኳትም። ሜዳ ላይ ሦስት ቀን፣ ሦስት ሦስት ኪሎ ሜትር አደረግነው፣ ያን ያህሉን ከሁለት በታች በሆነ ህመም ትችለው ስለነበር። አንድ ሌላ ነገር ብቻ ቀየርን፤ በደቂቃ 158 ጊዜ ትረግጥ የነበረውን ወደ 168 አሳደግነው። እርምጃው ሲያጥር እግር ከሰውነት ብዙም ርቆ አያርፍም፣ ጉልበትም ሲያርፍ የሚሸከመው ይቀንሳል። ከአምስት እስከ አሥር በመቶ ብቻ መጨመር ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ትንፋሽ ያጥራል።

ሁለት ሳምንት ግድግዳው ጋ ሠራች። በሦስተኛው ቆመች። በአራተኛው ሳምንት ደረጃ ላይ ህመሙ ወደ አንድ ወረደ። እሷም በጣም ደስ ብሏት ቅዳሜ ዕለት ስምንት ኪሎ ሜትር ዳገት ሮጠች። ሰኞ ስትመጣ ደረጃው ተመልሶ አምስት ሆኗል፣ ፊቷም ተስፋ የቆረጠ ሰው ፊት ነበር። ምንም አልተበላሸም አልኳት፤ ሦስት ቀን ሩጫውን ትተን ልምምዱን ቀጠልን፣ ከዚያ ያለ ህመም ወደሮጠችው የመጨረሻ መጠን ተመለስን። በሳምንቱ ያ ህመም ጠፋ። ቀጥለን በየሳምንቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ እየጨመርን፣ ዳገቱን ለመጨረሻ አቆየነው። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት 24 ኪሎ ሜትር ትሮጥ ነበር።

በኋላ እነግርሃለሁ ያልኩህ ይሄ ነው፤ መጨረሻ ላይ እንደገና ስንቀርጻት ጉልበቷ አሁንም ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ህመሙ ግን የለም። ይህ እሷ ላይ ብቻ የሆነ አይደለም። ጡንቻው ይጠነክራል፣ ህመሙ ይሻላል፣ አካሄዱ ግን ብዙም ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ ቪዲዮው ላይ ያየኸው ነገር ካልተስተካከለ አልዳንኩም ብለህ አትጨነቅ። መለኪያህ ደረጃው ነው።

ስለ ሌሎቹ ሕክምናዎች አጠር አድርጌ ልንገርህ። ሎሚው ላይ የሚለጠፈው ቴፕና የጫማ ውስጥ ሶል የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሊያቀሉልህ ይችላሉ፤ ልምምዱን እንድትሠራ ከረዱህ ተጠቀምባቸው። አልትራሳውንድና የኤሌክትሪክ ማሽን ብቻውን ተደርጎለት የዳነ የሯጭ ጉልበት ግን እኔ አላየሁም፣ ገንዘብህን እዚያ ላይ አታጥፋ።

ጉልበትህ ካበጠ፣ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ ከድቶህ ካጠፈህ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ህመም ወይም ትኩሳት ካለ፣ የጻፍኩት ሁሉ አይመለከትህም፤ ሐኪም ፊት ቅረብ። ይህን የሚያነብ ወላጅ ካለ ደግሞ፣ በዕድገት ላይ ያለ ልጅ ጉልበቴን አመመኝ እያለ የሚያነክስ ከሆነ ዳሌውም ይታይ። በዚያ ዕድሜ ዳሌ ላይ ያለ ከባድ ችግር ጉልበት ላይ ብቻ ሊሰማ ይችላል።

የአንተ ህመም ገና ስድስት ሳምንቱ ነው፣ ይህ ጥሩ ነው፤ ወራት ሲቆይ ለመዳን ይበልጥ ጊዜ ይወስዳል። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ስጠው። ስድስት ሳምንት በትክክል ሠርተህ፣ ቆመህ የሚሠራው ላይም ደርሰህ፣ ደረጃው ላይ ያለው ቁጥር ንቅንቅ ካላለ አንድ ፊዚዮቴራፒስት በአካል ይይህ፤ ስትሄድ የደረጃውን ቪዲዮና በየሳምንቱ የሮጥከውን ኪሎ ሜትር ይዘህ ሂድ።